መንገድ ማቋረጥን በወለል ካርታና በአሻንጉሊት መኪና ማስተማር

እንደሚታወቀው ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሠርተን ይዘን መሄድ ነበረብን። አብዛኞቹ ጓደኞቼ የፊደል ገበታና የመቁጠሪያ ኮርኪ ይዘው ሄዱ። እኔ ደግሞ የተመደብኩት 2ኛ ክፍል ስለነበረና ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲወጡ አስፋልት የሚያቋርጡ በመሆናቸው የወለል ካርታ ሠራሁ። የወለል ካርታ ማለት መንገድ ተስሎበት መሬት ላይ የሚነጠፍ ትልቅ ካርታ ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ተንበርክከው መኪና ይነዱበታል፤ አንዲት ትንሽ የሰው ምስል ይዘውም መንገድ ያሻግሩበታል።

ጨዋታው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ካርታዬ ላይ ግን አንድ ከባድ ስሕተት ነበረበት፤ ስሕተቱንም ያወቅኩት በአንድ ልጅ ላይ አደጋ ሊደርስ ሲል ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ከእናንተ መካከል ተመሳሳይ ካርታ ለመሥራት የምታስቡ ስላላችሁ ያንኑ ስሕተት እንዳትደግሙት ነው።

የመጀመሪያው ካርታ

በመጀመሪያው ካርታ ላይ ሐረርን በሞላ ሳልኳት። ጀጎልን በክብ አጠርኩ፤ ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን በየቦታቸው አደረግኩ። መኪና የሚገባበትን ሐረር በርን ከፍቼ ከዚያ ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደውን ቀጥ ያለ አስፋልት በከሰል አጠቆርኩ። ልጆቹ ካርታውን ሲያዩ ደስታቸውን ምን ልበላችሁ! ሁሉም የየሰፈሩን በር እየፈለገ «ይኸው የኛ ቤት!» ይላል። መኪኖቹን ነዱ፤ ምስሉን አሻገሩ። እኔም «ቁም፣ ግራና ቀኝ እይ፣ ተሻገር» አልኩ፤ እነሱም ተቀብለው አሉ። ከሁሉም የበለጠው አንድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ተማሪዎች ሲለቀቁ ይኸው ልጅ ከአንድ ቀጭን የጀጎል መተላለፊያ በሩጫ ወጣ። መተላለፊያው አስፋልቱን በሚነካበት አፍ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ልጁ በባጃጁ ፊት ብቅ ከማለቱ አንድ ሚኒባስ በፍሬን ጮኸ። እግዜር ይስጠው ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር ልጁን አልነካውም። ከእጁ በወደቀው ደብተር ላይ ግን ጎማው ወጣበት።

በማግሥቱ ልጁን ለብቻው ጠርቼ «በካርታው ላይ አንተ አልነበርክ እንዴ ሁልጊዜ የምትቆመው? ትናንት ለምን ሳታይ ወጣህ?» አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና «ቲቸር፣ እዚያ ላይ እኮ መኪናው ይታያል፤ እዚህ አይታይም» አለኝ።

ስሕተቱ የት ነበር?

ይህን ለክፍሉ መምህርት ነገርኳቸው። እሳቸው ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ካርታውን ቆመው ቁልቁል ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህን የሠራሽው ለአሞራ ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲሁ ነበር። በካርታው ዙሪያ የተንበረከከ ልጅ ከላይ ወደ ታች ያያል። ከቆመው ባጃጅ በስተጀርባ ያለውንም፣ ከኩርባው ወዲያ የሚመጣውንም መኪና ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያያል። በመንገድ ላይ ግን የልጁ ዐይን ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብትል ነው፤ የባጃጅ ጣሪያ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆማል። ስለዚህ እኔ ያስተማርኩት የሚታይን መኪና መጠበቅ ብቻ ነው። ልጅን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚመጣው ነው።

በኋላ ሳነብ ይህ የእኔ ተማሪ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ተረዳሁ። አምፖፎ-ቦአቴንግና ቶምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ትንንሽ ልጆችን ለመሻገር ደኅና የሆነ ቦታ አሳዩን ብለው ጠይቀዋል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉት ልጆች ቦታውን ደኅና ነው የሚሉት መኪና በዐይናቸው ካላዩ ነው። ኩርባ ላይም ቢሆኑ፣ ከቆመ መኪና ሥርም ቢሆኑ፣ መኪና እስካልታያቸው ድረስ «እዚህ ይሻላል» ይላሉ። ቦታው ራሱ እይታን እንደሚከለክል ማሰብ የሚጀምሩት ከፍ ሲሉ ነው። አዋቂ «አይታየኝምና አደገኛ ነው» ይላል፤ ሕፃን «አይታየኝምና የለም» ይላል።

በእኛ ከተማ ይህ ነገር ይብሳል። የጀጎል ልጅ የሚያድገው መኪና በማይገባባቸው መተላለፊያዎች ውስጥ ነው። እዚያ የሚገጥመው ቢበዛ የተጫነ አህያ ነው። ሲሮጥ ከቤቱ ደጅ እስከ አስፋልቱ ድረስ የሚያቆመው ነገር የለም። ግድግዳው ግራና ቀኙን ጋርዶት ይመጣና በአንድ እርምጃ መኪና መንገድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ዋናው ትምህርት ከዜብራው ይልቅ የመተላለፊያው አፍ ነው። እኔም ሁለተኛውን ካርታ የሠራሁት ለዚህች አንዲት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ካርታ አሠራር

ከተማውን በሙሉ መሳል ተውኩ። አንድ ቁራጭ አስፋልት፣ በእሱ ላይ የሚከፈቱ ሁለት መተላለፊያዎችና አንድ ኩርባ ብቻ ወሰድኩ። ልኬቱን 1 ለ 50 አደረግኩ፤ በካርታው 2 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመንገዱ 1 ሜትር ነው ማለት ነው። 7 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ልኬት ለምን እንደተመረጠ ወደ ታች ይገባችኋል።

ለንጣፉ ሦስት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶችን ተርትሬ ዘረጋሁና በርዝመታቸው አገጣጠምኳቸው። ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች አንዱ በስፌት መኪና አያያዘልኝ። ቁመቱ 3 ሜትር ከ60 ያህል ወጣ። ከረጢቱ ከወረቀት ይሻላል፤ ልጆች ቢንበረከኩበት አይቀደድም፤ ተጠቅልሎም ይቀመጣል። ከሰል ግን ይለቃል። አስፋልቱን በጥቁር ቀለም መቀባት ይሻላል፤ ነጩ መሥመር በጠመኔ ይሁን፤ እየጠፋ ሌላ ይሠራበታል።

ተሽከርካሪዎቹ ከክብሪት ቀፎና ከካርቶን ናቸው። ሁለት የክብሪት ቀፎዎችን በሰፊ ጎናቸው አጣብቃችሁ በጠባቡ ጠርዝ ብታቆሟቸው ርዝመታቸውም፣ ስፋታቸውም፣ ቁመታቸውም በዚህ ልኬት ከባጃጅ ጋር ይመጣጠናል። 9 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የመድኃኒት ካርቶን ለብዙ ዘመን የሐረር ታክሲ የነበረችውን ፔጆ 404 ይሆናል፤ ከፍ ያለው ሚኒባስ፣ የጥርስ ሳሙና ካርቶን ደግሞ የጭነት መኪና ይሆናል። ጎማው ኮርኪ ቢሆን መልካም ነው፤ ግን አስፈላጊ አይደለም። በጣት መግፋት ይበቃል።

የልጁ ምስል ግማሽ የክብሪት እንጨት ነው፤ ታችኛው ጫፍ በጭቃ ወይም በሰም ላይ ይተከላል። ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ስለሚሆን በትክክል የ2ኛ ክፍል ልጅ ያህላል። ይህን ነገር አደራ እንዳትንቁት! ብዙዎቻችን ለማየት እንዲመች ብለን ምስሉን እናገዝፈዋለን። የመኪናውን ያህል ቁመት ያለው ልጅ ከተሠራ ከባጃጁ በላይ ያያልና ጨዋታው በሙሉ ውሸት ይሆናል።

የመተላለፊያዎቹን ግድግዳ ከካርቶን ቆርጣችሁ አቁሙ፤ ቁመቱ ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ያለ ግድግዳ መተላለፊያ የለም።

ስንደዶውና ገመዱ

የአሻንጉሊት መኪና ሁለተኛው ውሸት ጨዋ መሆኑ ነው። ነጂው ልጅ ጣቱን ባቆመ ቁጥር ባለበት ይቆማል። እውነተኛው መኪና ግን ሹፌሩ ካየበት ቦታ እስከሚቆምበት ድረስ ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በ1 ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ይኸው 1 ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ከዚያም ደረቅ አስፋልት ላይ በደኅና ፍሬን ለመቆም ሌላ 9 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 20 ሜትር ነው። ዝናብ ከዘነበ ወይም ጎማው ካለቀ ይጨምራል።

ይህን ለ7 ዓመት ልጅ በቁጥር ልንነግረው አንችልም። ነገር ግን 20 ሜትር በእኛ ልኬት 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በመጀመሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ክር በመኪናው ፊት አሰርኩ፤ ክሩ እየተጣጠፈ አስቸገረኝ። በኋላ ለስፌት የሚሆን ስንደዶ በልኩ ቆርጬ ከመኪናው አፍንጫ ላይ ቀጥ አድርጌ አጣበቅኩት። ስንደዶ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ቀላልም ነው። ስሙንም «የፍሬን ስንደዶ» አልነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የልጁ ምስል በስንደዶው ርዝመት ውስጥ ከገባ ነጂው ቢፈልግም ማቆም አይችልም። ልጆቹ ይህን ወዲያው ያዙት። «መኪናው ገና ሩቅ ነው» ይል የነበረው ልጅ ስንደዶው የክብሪት እንጨቱን ጥሎ ሲያልፍ ዝም አለ።

ሁለተኛው መለኪያ የመሻገሪያው ገመድ ነው። አንድ ልጅ ሳይሮጥ በ1 ሴኮንድ 1 ሜትር ያህል ይራመዳል ብለን ብንወስድ 7 ሜትሩን አስፋልት ለመጨረስ 7 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ7 ሴኮንድ ያ መኪና 77 ሜትር ይመጣል፤ በካርታው 1 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ያህል ገመድ ቆርጣችሁ ከልጁ ምስል ጀምሮ በአስፋልቱ ላይ ዘርጉት። መኪናው ከገመዱ ውስጥ ካለ ልጁ ይጠብቃል፤ ከገመዱ ውጪ ካለ ይሻገራል። ሰባቱን ሴኮንድ ዝም ብላችሁ አትንገሯቸው። በግቢው ውስጥ 7 ሜትር በኖራ አስምሩና ልጆቹ ራሳቸው እየተራመዱ በሰዓት ይለኩ። ከእነሱ መካከል በ9 ሴኮንድም የሚጨርስ ይኖራል፤ ለሱ ገመዱ ይረዝማል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ማስረዳት ያስፈልጋል። በስንደዶው ውስጥ መኪናው መቆም አይችልም። በስንደዶውና በገመዱ መካከል መቆም ይችላል፤ ይቆማል ማለት ግን አይደለም፤ ሹፌሩ ሌላ ነገር እያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚተማመነው በገመዱ እንጂ በሹፌሩ አይደለም።

አጨዋወቱ

በክፍሌ ከ50 በላይ ልጆች ነበሩ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ካርታውን ከበው ማየት አይችሉም፤ ስለዚህ በየስምንት ከፈልኳቸው። አንዱ ቡድን ሲጫወት ሌሎቹ የክፍሉ መምህርት የሰጧቸውን ሥራ ይሠራሉ። ከስምንቱ ሦስቱ ነጂዎች፣ ሁለቱ ተሻጋሪዎች፣ አንዱ ገመድ ያዥ፣ ሁለቱ ተመልካቾች ይሆናሉ። በየ15 ደቂቃው ቡድን ይለወጣል። አሁን በመተላለፊያው አፍ የተጫወትነውን አንድ ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልግለጽ።

ባጃጁን ከመተላለፊያው አፍ በስተግራ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቆምኩት። በስተግራ ያልኩት በምክንያት ነው። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ለሚሻገር ሰው በቅርቡ ባለው ግማሽ መንገድ ላይ የሚመጣው ከግራው ነው። ስለዚህ ከግራ የቆመ ባጃጅ በመጀመሪያ የሚደርሰውን መኪና ይጋርዳል። ሚኒባሱን ከመተላለፊያው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል አራቅኩና ቆመ።

ከዚያ ተሻጋሪዋን «በሆድሽ ተኝተሽ ጉንጭሽን ከወለሉ አስጠጊ፤ ዐይንሽን ከምስሉ ኋላ አድርጊ» አልኳት። የጨዋታው እንብርት ይህ ነው። «ምን ይታይሻል?» ስላት «ባጃጅ» አለችኝ። «ሚኒባስስ?» «የለም።» ከላይ ቆመው የሚያዩት ተመልካቾች በሳቅ ፈነዱ፤ «አለ! አለ! ከኋላው ነው!» ብለው ጮኹ። እሷም ብድግ ብላ አየችና «እንዴ!» አለች። ከዚያ ተመልካቾቹም በየተራ ተኙ። እያንዳንዱ ልጅ የማይታየው መኪና እንዳለ በገዛ ዐይኑ አረጋገጠ። እኔ ስንት ቀን በቃል የለፈለፍኩት በአንድ «እንዴ!» አለቀ።

ቀጥሎ መፍትሔውን ፈለጉ። መጀመሪያ «ሌላ ቦታ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ካለ፣ ለምሳሌ ምንም ነገር ወዳልቆመበት ወደ ሁለተኛው መተላለፊያ በጠርዝ በጠርዝ ሄዶ መሻገር ይሻላል። ከሌለ ደግሞ ምስሏ በመተላለፊያው አፍ ላይ ትቆማለች፤ ይህ የመጀመሪያው መቆሚያ ነው። በባጃጁ ውስጥ ሹፌር መኖሩንና ሞተሩ መነሣቱን ታያለች፤ ሊነሣ ከሆነ አትንቀሳቀስም። ከዚያ ከባጃጁ ጋር ተጠግታ እስከ ውጭው ጎኑ ድረስ ትሄድና እንደገና ትቆማለች። በካርታው ይህ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልጅቷ እንደገና ተኝታ ስታይ ሚኒባሱ ፊት ለፊቷ ብቅ አለ። በ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት!

ገመድ ያዡ ገመዱን ዘረጋ፤ ሚኒባሱ በውስጡ ነው። «ትጠብቅ» ተባለ። ሚኒባሱ አለፈ፤ ግራ ታየ፣ ቀኝ ታየ፣ ግራ እንደገና ታየ፤ በገመዱ ውስጥ ምንም የለም፤ ምስሏ በቀጥታ፣ ሳትሮጥ ተሻገረች። በመጨረሻ ነገሩን ለመፈተን ምስሏን ከባጃጁ ፊት በቀጥታ እንዲያስሮጧት ፈቀድኩ፤ ሚኒባሱንም 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረግኩት። ስንደዶው 40 ነው። መልሱን መናገር አላስፈለገኝም።

የሚበላሹ ነገሮች

አንደኛ፣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ካርታውን ከብበው ሲቀመጡ ፊት ለፊት ያለው ልጅ የሱ ግራ ለምስሉ ቀኝ ነው። ስለዚህ የሚያሻግረው ልጅ ምንጊዜም ከምስሉ ጀርባ፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ ይሁን። ይህን ካልጠበቃችሁ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ልጅ በመንገድ ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝ አገር የመጡ የልጆች መጻሕፍት «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እይ» ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው፤ መኪናቸው ግራውን ይዞ ይሄዳልና። የእኛ አገር እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቀኝ ነው። ስለዚህ ለእኛ ልጅ «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ» ነው። ሥዕሉ ስላማረ ብቻ የውጭ መጽሐፍ ገልብጣችሁ በግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉ።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ አንገታቸውን ያወዛውዛሉ እንጂ አያዩም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ በዜማ ይሉትና ይሻገራሉ። ይህን ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው። ከተሻገረ በኋላ «በግራ በኩል የነበረው መኪና ቀለሙ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ያየ ልጅ ይመልሳል፤ ያወዛወዘ ልጅ ጓደኛውን ያያል።

አራተኛ፣ ግጭቱ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። በተለይ ነጂዎቹ ምስሏን መጣል ደስ ይላቸዋል። መቆጣት ብቻውን አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ ምስሏ ስትወድቅ ነጂውና ተሻጋሪው ቦታ እንዲለዋወጡና ነጂው የነበረው ተኝቶ ከምስሏ ጀርባ እንዲያይ ማድረግ ነው።

ከወለል ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ መንገድ

ካርታው የሚያስተምረው የት መቆም እንደሚገባና ለምን እንደሆነ ነው። የሚመጣን መኪና ፍጥነት በዐይን መገመት ግን አያስተምርም፤ በጣት የሚገፋ ካርቶን ፍጥነት የለውምና። ለዚህ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ዴቪድ ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ለ5 ዓመት ልጆች ያቀረቡት «የማስመሰያ መንገድ» በእጅጉ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከእውነተኛው መንገድ ዳር፣ መኪና በማይደርስበት ሥፍራ፣ ከመንገዱ ጎን ለጎን የሚሄድና ስፋቱ እኩል የሆነ መንገድ ይሠመራል። ልጁ በእውነተኛው መንገድ ላይ የሚያልፉትን መኪኖች በማስመሰያው ላይ እንደሚያልፉ ቆጥሮ ያያል፤ ይሻገርልኛል ሲል ማስመሰያውን ይሻገራል። ተሻግሮ ሳይጨርስ መኪናው በትይዩው ካለፈ «ተገጨ» ማለት ነው። መኪናው እውነተኛ ነው፤ አደጋው ግን የለም።

እኛ ይህን የሠራነው በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ነው። አጥሩ በፍርግርግ በሆነበት ቦታ አስፋልቱ ስለሚታይ ሁለት የኖራ መሥመሮችን በ7 ሜትር አራርቄ አሰመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሠሩ። አንዳንዶቹ መኪና ከመድረሱ በፊት ዘለው ገቡ፤ ሌሎቹ ደግሞ መንገዱ ባዶ ሆኖም ፈርተው ቆሙ። የፈሩት ደኅና ናቸው ብዬ ነበር፤ አይደሉም። ብዙ የጠበቀ ልጅ በመጨረሻ ይሰለችና ያለ ጊዜው ይሮጣል። ስለዚህ ባዶውን መንገድ እንዲጠቀሙበትም ማስተማር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ደረጃ እውነተኛው መንገድ ነው። ለዚህ ከክፍሉ መምህርት ጋር ሆነን ልጆቹን በአራት በአራት ይዘን ወጣን፤ እያንዳንዱም እጁን ተያዘ። በየመተላለፊያው አፍ እየቆምን «እዚህ ምን ይጋርድሃል?» ብለን ጠየቅን። መልሱን እሱ ይሰጣል፤ መሻገሩን ግን ከኛ ጋር ነው። ጨዋታው የ7 ዓመትን ልጅ ብቻውን እንዲሻገር ብቁ አያደርገውም። ወላጆችም ካርታውን አይተው «ልጄ አሁን ተምሯል» ብለው እጁን እንዳይለቁ በግልጽ መንገር የእኛ ፋንታ ነው።

ደብተሩ የተረገጠበት ልጅ በሁለተኛው ካርታ ላይ እንደ መጀመሪያው ጎበዝ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ተኝቶ ያያል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይተኛል። ጓደኞቹ «ቶሎ በል!» ይሉታል። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል አንድ ማታ በር ላይ ቆሜ ሲለቀቁ አየሁት። ከመተላለፊያው ሊወጣ ሲል አፉ ላይ ቆመ፤ አንገቱን አውጥቶ አየ፤ ከዚያ ታላቅ እህቱ እስክትደርስ ጠበቀና እጇን ያዘ።

ካርታው፣ ባጃጁና ስንደዶው በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን መደርደሪያ ላይ ተጠቅልለው ይገኛሉ። ለልምምድ የምትወጡ መውሰድ ትችላላችሁ። ነገር ግን ወደምትመደቡበት ትምህርት ቤት ስትደርሱ በመጀመሪያ ልጆቹ የሚወጡበትን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት፤ አንድ ቦታ ላይም በልጅ ቁመት ቁጢጥ ብላችሁ እዩ። የእኔ ካርታ የአንድ መተላለፊያ ነው፤ የእናንተ ተማሪዎች የሚወጡበት ሌላ ሊሆን ይችላልና አስፋልቱን ትታችሁ ግድግዳውን እንደገና ሥሩ።